ሳጥንና ቀስትን መጻፍ ወይስ መጎተት?

አንድ የኮምፒውተር ሥርዓት ውስጡ እንዴት እንደሚሠራ ለአዲስ ባልደረባ ለማስረዳት ሦስት ገጽ ጽሑፍ ከመስጠት፣ ሳጥኖችን በቀስት አገናኝቶ ማሳየት ይቀላል። ገዢው ድረ ገጹን ይከፍታል፣ ድረ ገጹ ክፍያውን ይጠይቃል፣ ክፍያው ሲረጋገጥ መጋዘኑ ዕቃውን ያወጣል። ይህን ሁሉ አንድ ዲያግራም በጨረፍታ ይናገራል። ችግሩ የሚመጣው በኋላ ነው። ሥርዓቱ በየሳምንቱ ይለወጣል፤ ዲያግራሙ ግን በተሣለበት ቀን እንዳለ ይቀራል። ከዓመት በኋላ የሚያነበው ሰው የሚያየው ሥርዓቱ ድሮ የነበረውን መልክ ነው፤ አሮጌ መሆኑን የሚነግረው ምልክት ደግሞ የለም።

ዲያግራም የሚሠራባቸው መሣሪያዎች በሁለት ጎራ ይከፈላሉ። በአንደኛው ጎራ ሠሪው ሳጥኑን በማውዝ እየጎተተ የፈለገበት ቦታ ያስቀምጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣውና በ2000 የማይክሮሶፍት ንብረት የሆነው ቪዚዮ፣ በብራውዘር የሚከፈቱት ሉሲድቻርትና ድሮው ዶት አይኦ ከዚህ ወገን ናቸው። በሁለተኛው ጎራ ሠሪው ምንም አይሥልም፤ «ይህ ከዚያ ጋር ይገናኛል» ብሎ በጥቂት መስመር ይጽፋል፣ ሥዕሉን ፕሮግራሙ ራሱ ያወጣል። ይህ ሐሳብ አዲስ አይደለም። ቤል ላብስ ውስጥ ብራያን ከርኒጋን በ1980ዎቹ መጀመሪያ ፒክ የተባለውን የሥዕል ቋንቋ ሠርቷል፤ ከዚያው የምርምር ቤት በ1990ዎቹ ግራፍቪዝ ወጣ። ፕላንትዩኤምኤል በ2009፣ የስዊድኑ ክኑት ስቬይድክቪስት የጀመረው ሜርሜድ ደግሞ በ2014 ተከተሉ። በየካቲት ወር 2022 ጊትሀብ የሜርሜድን ጽሑፍ በሰነድ ውስጥ ሲያገኝ በቀጥታ ወደ ሥዕል መለወጥ ጀመረ፤ ጽሑፋዊው መንገድ ከጥቂት አፍቃሪዎቹ አልፎ ብዙ ሰው ጋ የደረሰው ያኔ ነው።

ሁለቱን ጎራዎች የሚለያቸው ዋናው ነገር ፋይሉ ውስጥ የሚቀመጠው ምን እንደሆነ ነው። ጽሑፋዊው መሣሪያ ዝምድናን ብቻ ይመዘግባል፤ የትኛው ሳጥን የት ይቀመጥ የሚለውን ሥዕሉ በወጣ ቁጥር እንደገና ያሰላዋል። የሚጎተተው መሣሪያ ከዝምድናው ጋር ቦታውንም ይመዘግባል፦ ከግራ ስንት ነጥብ፣ ከላይ ስንት ነጥብ፣ ስፋቱ ስንት፣ ቀለሙ ምን። የለውጥ ታሪክን በመከታተልም ሆነ አብሮ በመሥራት፣ እንዲሁም ፋይሉን ለዓመታት በማቆየት ረገድ የሚታየው ልዩነት በአብዛኛው ከዚህች ነጥብ ይመነጫል።

ነገሩን በአንድ ትንሽ ምሳሌ ማየት ይሻላል። መጻሕፍት የሚሸጥ ድረ ገጽ የትዕዛዝ ሂደቱን በሜርሜድ ቢጽፍ እንዲህ ይመስላል።

```
flowchart TD
    buyer["ገዢ"] --> web["ድረ ገጽ"]
    web --> pay["ክፍያ"]
    pay --> store["መጋዘን"]
    store --> ship["አድራሽ"]
```

የመጀመሪያው መስመር «ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ንድፍ ነው» ይላል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ መስመር አንድ ቀስት ነው። በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈው አጭር ቃል የሳጥኑ መለያ ሲሆን፣ በጥቅስ ውስጥ ያለው አማርኛ ሳጥኑ ላይ የሚታየው ጽሑፍ ነው። ይህን ለማንበብ ፕሮግራመር መሆን አያስፈልግም።

አሁን የድረ ገጹ ባለቤቶች ያለቀ መጽሐፍ እየሸጡ ስለተቸገሩ፣ ገንዘብ ከመቀበላቸው በፊት መጽሐፉ መኖሩን ለማረጋገጥ ወሰኑ እንበል። የፋይሎችን ለውጥ የሚመዘግበው ጊት ይህን ማሻሻያ የሚያሳየው በዚህ መልክ ነው።

```diff
-    web --> pay["ክፍያ"]
+    web --> check["ክምችት ማረጋገጫ"]
+    check --> pay["ክፍያ"]
```

አንድ መስመር ወጣ፣ ሁለት ገቡ። ለውጡን የሚገመግመው ባልደረባ ሥዕሉን ሳይከፍት እንኳ የሆነውን ይረዳል፦ ቀድሞ ከድረ ገጹ በቀጥታ ወደ ክፍያ ይኬድ ነበር፤ አሁን በመካከል ማረጋገጫ ገብቷል። ከሁለት ዓመት በኋላ «ይህ ማረጋገጫ መቼና ለምን ገባ?» የሚል ሰው ቢመጣም `git blame` የሚለው ትዕዛዝ መስመሩን ማን፣ በምን ቀን፣ በየትኛው ማሻሻያ እንደጨመረው ይነግረዋል። ማሻሻያውን ያስገባው ሰው ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፎ ከሆነ ደግሞ የውሳኔው ታሪክ ከሥዕሉ ጋር ተያይዞ ይገኛል።

ያው ለውጥ በድሮው ዶት አይኦ ሲሠራ ሌላ መልክ ይይዛል። ለአዲሱ ሳጥን ቦታ ለማግኘት ከሥሩ ያሉት ሦስት ሳጥኖች፣ ማለትም ክፍያ፣ መጋዘንና አድራሽ፣ ወደ ታች መገፋት አለባቸው። በፋይሉ ውስጥ ለእያንዳንዳቸው እንዲህ ያለ ጥንድ መስመር ይመዘገባል።

```diff
-  <mxGeometry x="120" y="240" width="140" height="60" as="geometry"/>
+  <mxGeometry x="120" y="340" width="140" height="60" as="geometry"/>
```

ይህ የሚናገረው አንድ ሳጥን መቶ ነጥብ ወደ ታች መውረዱን ብቻ ነው። በእርግጥ አዲሱ ሳጥንና አዲሱ ቀስትም ፋይሉ ውስጥ ገብተዋል፤ ግን ከቦታ ቁጥሮቹ ጋር ተቀላቅለው ነው። ባለሠላሳ ሳጥን ዲያግራም ላይ አንድ ሰው «ትንሽ ላስተካክለው» ብሎ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ሸርተት ካደረጋቸው፣ ትርጉም ያላት አንዲት ለውጥ በስድሳ መስመር የቁጥር ለውጥ መካከል ትጠፋለች። ገምጋሚውም ማንበቡን ትቶ ያጸድቃል። የድሮዎቹ የድሮው ዶት አይኦ ፋይሎች ከዚህም ይብሳሉ፤ ይዘቱ ተጨምቆ በአንድ ረጅም መስመር ይቀመጥ ስለነበር፣ አንዲት ፊደል ብትታረም ጊት የሚያየው ሙሉው መስመር መለወጡን ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ፋይል ያለው ሰው በፕሮግራሙ የፋይል ባሕርያት ውስጥ መጨመቁን አጥፍቶ እንደገና ማስቀመጥ ይችላል። ከ2013 በፊት በአብዛኛው ይወጣ የነበረው የቪዚዮ ፋይል ግን በማንኛውም የጽሑፍ ማንበቢያ የማይነበብ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የመጣው ዓይነት ውስጡ ጽሑፍ ቢሆንም በዚፕ የታሸገ ነው።

ለሚጎተቱት መሣሪያዎች የሚሆን ማካካሻ አለ። ድሮው ዶት አይኦ ዲያግራሙን እንደ ተራ ምስል ሊያስቀምጠው ይችላል፤ የሚታረመው መረጃ ግን በምስሉ ውስጥ ተደብቆ ይቀመጣል። የፋይሉ ስም በ`.drawio.png` ወይም በ`.drawio.svg` ያበቃል። ጊትሀብ ደግሞ የቀድሞውንና የአሁኑን ምስል ጎን ለጎን አድርጎ፣ ወይም አንዱን በሌላው ላይ አነባብሮ ያሳያል። ገምጋሚው ቁጥር ከማንበብ ተርፎ በዓይኑ ያነጻጽራል። ይህ ጥሩ ዘዴ ነው። ቢሆንም ዓይን ትልቁን ለውጥ ሲያይ ትንሹን ያልፈዋል፤ የአንዲት ቀስት አቅጣጫ ተገልብጦ ቢሆን ማንም ላያስተውለው ይችላል።

ሁለት ሰዎች አንዱን ዲያግራም ሲነኩ ምን ይሆናል? እዚህ ላይ «አብሮ መሥራት» የሚለው ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ስለሚይዝ መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ስብሰባ፣ ሁሉም የሌላውን ጠቋሚ እያየ መሥራት ነው። በዚህ ሉሲድቻርትና መሰሎቹ ያለ ጥርጥር ይበልጣሉ። ሐሳቡ ገና ሲፈላ፣ የሽያጭ ኃላፊዋ «አይ፣ ይህ ከዚያ በፊት ነው» ብላ ሳጥኑን በገዛ እጇ ስታነሳው የሚገኘውን ፍጥነት ጽሑፍ አይሰጥም። የጽሑፉን ሰዋስው የማያውቅ ሰው በጽሑፋዊው መሣሪያ ፊት ተመልካች ሆኖ ይቀራል፤ ይህ እውነተኛ ጉድለት ነው። ብዙ የምህንድስና ቡድኖች ወደ ጽሑፍ ከተሻገሩ በኋላ የሌላ ክፍል ባልደረቦቻቸው ዲያግራሙን ማረም እንዳቆሙ የሚያስተውሉት ዘግይተው ነው።

ሁለተኛው አብሮ መሥራት እያንዳንዱ በየራሱ ጊዜና ቅጂ ሠርቶ በኋላ ማዋሃድ ነው። ጊት የተሠራው ለዚህ ነው፤ ጽሑፋዊው መንገድም እዚህ ይበረታል። አንዱ የፋይሉን መጀመሪያ፣ ሌላው መጨረሻውን ቢለውጥ ጊት ሁለቱንም ያለ ማንም እርዳታ ያዋህዳል። ሁለቱም አንዱን መስመር ነክተው ከሆነ ደግሞ ግጭት መኖሩን ይናገራል፤ ሁለቱን አማራጭ ከላይና ከታች አስቀምጦ ሰው እንዲመርጥ ይተዋል። የሚመረጠው ቀስት ስለሆነ ክርክሩ ስለ ሥራው እንጂ ስለ ፋይሉ አይሆንም። በሚጎተተው መሣሪያ ፋይል ላይ ግጭት ሲፈጠር ግን ሰው የሚፈታው የማያውቀውን የኤክስኤምኤል መስመር ነው፤ አንዲት ምልክት ብትዛነፍ ፋይሉ ጭራሽ አይከፈትም። ግጭት ሳይኖር ሲዋሃድ ደግሞ ሁለት ሰዎች ያስገቧቸው ሁለት ሳጥኖች አንዱ በሌላው ላይ ተደርበው ሊገኙ ይችላሉ፤ ከላይ ያለው ይታያል፣ ከሥር ያለው ይሰወራል።

ጽሑፉም የራሱ ስውር ወጥመድ አለው። ስለ ጽሑፋዊ ዲያግራሞች ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ይህ ነው፤ ጉዳቱ ግን ከሁሉ ይከፋል። ወደ መጽሐፍ መሸጫው እንመለስ። አንደኛዋ ሠራተኛ ከላይ እንዳየነው `check` በሚል መለያ የክምችት ማረጋገጫን አስገባች። በዚያው ሳምንት ሌላው ባልደረባዋ በራሱ ቅጂ ላይ፣ ዕቃ ከመላኩ በፊት አድራሻ እንዲረጋገጥ ሲጨምር እሱም `check` የሚለውን መለያ መረጠ።

```
    store --> check["የአድራሻ ማረጋገጫ"]
    check --> ship["አድራሽ"]
```

መስመሮቹ የሚራራቁ ከሆነ ጊት ምንም ግጭት አያይም፤ ሁለቱንም ሥራ በጸጥታ ያዋህዳል። ሜርሜድ ግን መለያው አንድ ከሆነ ሳጥኑም አንድ ነው ብሎ ያምናል፣ ጽሑፉንም በመጨረሻ ከተጻፈው ይወስዳል። በሚወጣው ሥዕል ላይ ክምችት ማረጋገጫ የሚባል ነገር የለም። ድረ ገጹ ወደ አድራሻ ማረጋገጫ ይሄዳል፤ ከዚያ ሁለት ቀስት ይወጣል፣ አንዱ ወደ ክፍያ፣ ሌላው በቀጥታ ወደ አድራሽ። ሥዕሉን ያመነ ሰው መጽሐፍ ሳይከፈልበት እንደሚላክ ይረዳል። የስህተት መልእክት አልወጣም፤ እያንዳንዱ መስመር ለብቻው ሲታይ ትክክል ነው።

የዚህ ወጥመድ መንትያ የፊደል ግድፈት ነው። `store` ለማለት `stroe` ብሎ የጻፈ ሰው ስህተት አይነገረውም፤ ሜርሜድም ሆነ ግራፍቪዝ አዲስ ሳጥን እንደተፈለገ ቆጥረው `stroe` የሚል ሳጥን ይሥላሉ። መፍትሔው ሁለት ነው። መለያዎችን ዘርዘር አድርጎ መጻፍ፣ ለምሳሌ `stock_check` እና `address_check`፤ እንዲሁም ለውጥ ሲገመገም መስመሮቹን ብቻ ሳይሆን የወጣውን ሥዕልም ማየት። ብቻውን የቆመ፣ ወይም የእንግሊዝኛ መለያው በአማርኛ ጽሑፎች መካከል ጎልቶ የሚታይ ሳጥን የግድፈት ምልክት ነው። አማርኛ ለሚጽፉ ቡድኖች ይህ ያልታሰበ ጥቅም ነው፤ እንግሊዝኛ ብቻ በሞላበት ዲያግራም ውስጥ `stroe` በቀላሉ ያልፋል። ስትራክቸራይዘር የተባለው መሣሪያ ደግሞ ሳጥኖች ሁሉ አስቀድመው እንዲታወጁ ስለሚያስገድድ ያልታወጀ ስም ሲያገኝ ይቆማል።

አማርኛ ከተነሳ አይቀር፣ ሥዕሉ ከሚወጣበት ማሽን ጋር የተያያዘ አንድ ጉዳይ አለ። ሜርሜድ የሚሠራው ብራውዘር ውስጥ ስለሆነ የግዕዝ ፊደል ባለበት ኮምፒውተር ሁሉ ያለ ችግር ይታያል። ፕላንትዩኤምኤልና ግራፍቪዝ ግን ብዙ ጊዜ ሥዕሉን የሚያወጡት በሰርቨር ላይ ነው። ሰርቨሩ የግዕዝ ፎንት ከሌለው ፊደሎቹ ባዶ አራት ማዕዘን ሆነው ይወጣሉ። ግራፍቪዝ ደግሞ የሳጥኑን ስፋት የሚለካው እሱ ባለው ፎንት ነው፤ አንባቢው ዘንድ የሚታየው በሌላ ፎንት ከሆነ «የክምችት ማረጋገጫ» የሚለው ጽሑፍ ከሳጥኑ ሊተርፍ ይችላል። ፕላንትዩኤምኤልን በዊንዶውስ ላይ የሚጠቀም ሰው `-charset UTF-8` የሚለውን መጨመር ካልረሳ፣ ሰርቨሩ ላይም የግዕዝ ፎንት ከተጫነ ነገሩ ይስተካከላል።

የረጅም ጊዜ ጥገናው ጉዳይ ላይ ጽሑፍ ትልቅ ብልጫ አለው፤ ብልጫው ግን ዋጋ አለው። በ1990ዎቹ የተጻፈ ቀላል የግራፍቪዝ ፋይል ዛሬም ሥዕል ያወጣል። ፕሮግራሙ ቢጠፋ እንኳ ፋይሉን ከፍቶ `a -> b` የሚለውን ያነበበ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ይረዳል። በኩባንያ ሰርቨር ላይ ብቻ የሚኖር ዲያግራም ግን የክፍያው ውል ካለቀ፣ አካውንቱን የከፈተው ሠራተኛ ከለቀቀ፣ ወይም አገልግሎቱ ከተዘጋ አብሮ ይሄዳል። በእጅ የሚቀረው በሰነድ ውስጥ የተለጠፈው ምስል ነው፤ እሱን ማየት እንጂ ማረም አይቻልም። በየመሥሪያ ቤቱ «ዋናው ፋይል ማን ጋ ነው?» የሚለው ጥያቄ የሚነሳው በዚህ ምክንያት ነው።

ዋጋው ቦታን መቆጣጠር አለመቻል ነው። ግራፍቪዝና ሜርሜድ ሳጥኖችን በደረጃ የሚደረድሩበት ዘዴ ጃፓናዊው ኮዞ ሱጊያማና ባልደረቦቹ በ1981 ካቀረቡት ይመነጫል። ዘዴው ሳጥኖቹን በረድፍ ይመድባል፣ ከዚያም ቀስቶች እርስ በርስ የሚቆራረጡበት ቁጥር እንዲያንስ በየረድፉ ቅደም ተከተላቸውን ይቀያይራል። አንዲት አዲስ ቀስት ስትገባ አንድ ሳጥን ረድፍ ሊቀይር ይችላል፤ እሱ ሲቀይር ጎረቤቶቹም ይቀያየራሉ። ትናንት በግራ የነበረው መጋዘን ዛሬ በቀኝ ይገኛል። ሥዕሉን በዓይኑ የለመደ ሰው እንደገና መፈለግ አለበት። ፕሮግራሙ ወደ አዲስ እትም ሲሻገርም ማንም ሳይነካው መልኩ ሊለወጥ ይችላል፤ ስለዚህ ቡድኖች የሚጠቀሙበትን እትም ቁጥር ጽፈው ያስራሉ። ከሠላሳ ሳጥን በላይ ሲሆን ደግሞ ቀስቶቹ ይጠላለፋሉ። ያን ጊዜ ዲያግራሙን ለሁለትና ለሦስት መክፈል ይሻላል፤ ከአቀማመጥ ስሌቱ ጋር በተደበቁ ቀስቶችና በማስገደጃ ትዕዛዞች መታገል ፋይሉን የሚጎተተውን ያህል ለማንበብ አስቸጋሪ ያደርገዋል።

ስለዚህ ምርጫው ቦታው ትርጉም አለው ወይስ የለውም በሚለው ይወሰናል። የአንድ ሕንፃ የኔትወርክ መስመር፣ የሰርቨር ክፍል አቀማመጥ፣ ለጉባኤ የሚታተም ፖስተር፣ እነዚህ ቦታቸው ራሱ መረጃ ስለሆነ በእጅ መሣል አለባቸው። የትዕዛዝ ሂደት፣ የዳታቤዝ ሠንጠረዦች ዝምድና፣ በሁለት ፕሮግራሞች መካከል የሚመላለስ መልእክት ግን ዋናቸው ዝምድናው ነው። እነሱን መጻፍና ከሚገልጹት ኮድ ጋር በአንድ ማኅደር ማስቀመጥ ይገባል። እንዲህ ሲሆን ክፍያውን የለወጠው ፕሮግራመር ዲያግራሙን በዚያው ማሻሻያ ውስጥ ያርመዋል፤ ሳያርመው ቢቀር ገምጋሚው «ሥዕሉስ?» ለማለት ይመቸዋል።

ብዙ አሮጌ ዲያግራም ያለው ቡድን ሁሉንም በአንድ ጊዜ ወደ ጽሑፍ መገልበጥ የለበትም። ማንም የማይከፍተውን መገልበጥ ድካም ነው። የሚበጀው አንድ ዲያግራም መታረም ያለበት ቀን ሲደርስ ያን ዲያግራም ብቻ መጻፍ ነው። መጀመሪያ የድሮው ሥዕል እንዳለ በጽሑፍ ይጻፍና ሳጥንና ቀስቶቹ ተቆጥረው ከዋናው ጋር ይመሳከሩ፤ ይህ ለብቻው ይመዝገብ። አዲሱ ለውጥ በሁለተኛ ማሻሻያ ይግባ። ሁለቱ በአንድ ላይ ከገቡ፣ በኋላ የሚመጣው አንባቢ የትኛው ቀስት ከድሮ የነበረ፣ የትኛው በዚያ ቀን የተጨመረ መሆኑን የሚለይበት መንገድ አይኖረውም።